የ79 ዓመቷ እናቴ የኩላሊት ውጤት 91 ነው፤ ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

የሸዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ 79 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ 155 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ደግሞ 38 ኪሎ ነው። ክረምት ላይ አልማዝ ባለጭራ ጎኗ ላይ ወጥቶባት ነበር። ቁስሉ ደርቆ ቢድንም ሕመሙ አልለቀቃትም። ለእሱ ጋባፔንቲን ታዘዘላት፤ መጠኑ ቀስ በቀስ እየጨመረ አሁን 600 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ደርሷል።

ሕመሙ ቀንሷል፤ እሷ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። ቡና እየጠጣች ሲኒውን እንደያዘች ታንቀላፋለች። ስትነሣ ትንገዳገዳለች፤ ወደ መጸዳጃ ቤት የምትሄደው ግድግዳ ይዛ ነው። ሐኪሙን ስጠይቅ የላቦራቶሪ ወረቀቱን አወጣ። ክሬአቲኒን 0.6፣ ከሥሩ ደግሞ eGFR 91 ይላል። “ኩላሊታቸው እንደ ወጣት ነው የሚሠራው፤ መድኃኒቱ አይጠራቀምም፤ ይህ የዕድሜ ድካም ነው” አለኝ።

የኔ ጥያቄ እንዲህ ነው። የተወሰደው አንድ ብልቃጥ ደም ብቻ ነው። ኩላሊቷን የለካ ሰው የለም። ታዲያ 91ን ማን አወጣው? ክንዷን በአውራ ጣቴና በመካከለኛው ጣቴ ስይዘው ጣቶቼ ይገናኛሉ፤ እንዲህ የከሳች የ79 ዓመት ሴት ኩላሊቷ ከኔ የሚሻልበት ምክንያት አልገባኝም።

መልካም ሰው

እህቴ እግዚአብሔርን አመስግኚ። 91 ከመቶ ማለት እኮ በጣም ጥሩ ነው! ክሬአቲኒንም ዝቅ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው። የሚከፋው ከፍ ሲል ነው። ውሃ በደንብ ይጠጡ፤ ድካሙ ምናልባት የደም ማነስ ይሆናል።

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

መልካም ሰው፣ ከመቶ አይደለም። eGFR ኩላሊት በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚያሳይ ግምት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን ያለውን ብታነቡ “ሚሊ ሊትር በደቂቃ በ1.73 ካሬ ሜትር” ይላል። ጤነኛ ወጣት ሰው ወደ 100 እና ከዚያ በላይ ስለሚሆን ብዙ ሰው እንደ መቶኛ ያነበዋል፤ ሐኪሞችም ለበሽተኛ ሲያስረዱ እንዲያ ይላሉ። ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። ለእኚህ እናት ግን ጉዳት አለው።

የሸዋ ልጅ፣ ጥያቄሽ ትክክለኛ ነው። የለካ የለም። ማሽኑ የለካው ክሬአቲኒንን ብቻ ነው፤ 91 የወጣው ከቀመር ነው። ቀመሩ ውስጥ የገቡት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ክሬአቲኒን፣ ዕድሜና ጾታ። ብዙ ላቦራቶሪዎች አሁን የሚጠቀሙበት የ2021ዱ ይህ ነው፦

```
eGFR = 142 × min(Scr/κ, 1)^α × max(Scr/κ, 1)^-1.200 × 0.9938^age × 1.012 [female]
female: κ = 0.7, α = -0.241
male:   κ = 0.9, α = -0.302
```

ክብደት አለበት? የለበትም። ቁመት? የለም። ለቀመሩ እናትሽ “79 ዓመት፣ ሴት፣ 0.6” ናቸው እንጂ 38 ኪሎ መሆናቸውን አያውቅም። 80 ኪሎ ቢሆኑም ያው 91 ነበር የሚወጣው።

አሁን ዋናው ነገር ክሬአቲኒን ከየት እንደሚመጣ ነው። ጡንቻ ውስጥ ክሬአቲን የሚባል ነገር አለ፤ ከእሱ በየቀኑ ትንሽ ድርሻ በራሱ ጊዜ ወደ ክሬአቲኒን ይለወጥና ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት ደግሞ ያወጣዋል። ስለዚህ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን የሁለት ነገሮች ውጤት ነው፤ ምን ያህል ገባ እና ምን ያህል ወጣ። ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ገንዳ አስቡ። ከላይ የሚገባው ቀጭን ጠብታ ከሆነ፣ የታችኛው ማፍሰሻ ግማሹ ቢደፈንም ገንዳው አይሞላም። ቀመሩ ግን ገንዳው አለመሙላቱን ብቻ አይቶ “ማፍሰሻው ክፍት ነው” ይላል፤ ከላይ የሚገባው የአማካይ ሴት ያህል ነው ብሎ ስለሚያስብ።

ጣቶችሽ ክንዳቸው ላይ መገናኘታቸውን የጻፍሽው ከወረቀቱ የበለጠ ነግሮኛል።

የሸዋ ልጅ

አመሰግናለሁ። ማለት 0.6 ጥሩ ኩላሊት ሳይሆን ጡንቻ የለም ማለት ሊሆን ይችላል? ቁጥሩን ራሴ ለማስላት ሞክሬ መሀል ላይ ጠፋሁ። ያ “ሚን” እና “ማክስ” የሚለው ምንድን ነው?

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን አብረን እናስላው፤ የሚያስገርም ነገር የሚወጣው ከዚያው ውስጥ ነው።

ለሴት መለያው 0.7 ነው። ክሬአቲኒኑ ከ0.7 በታች ከሆነ “ሚን” የሚለው ክፍል ይሠራል፣ “ማክስ” የሚለው 1 ሆኖ ይቀራል። ከ0.7 በላይ ከሆነ ተቃራኒው ነው። የእናትሽ 0.6 ለ0.7 ሲካፈል 0.857 ነው፤ ይህ በ-0.241 ከፍ ሲል 1.038 ይሆናል። ዕድሜው፣ 0.9938 በ79 ከፍ ሲል፣ 0.612 ነው። እንግዲህ 142 ሲባዛ በ1.038፣ ሲባዛ በ0.612፣ ሲባዛ በ1.012፣ 91 ወጣ።

አሁን ክሬአቲኒኑን ብቻ እየቀያየርሽ አስዪው። 0.7 ቢሆን 88 ይወጣል። 0.6 ሲሆን 91፤ 0.4 ሲሆን 101። ከ0.7 በታች ክሬአቲኒን በሲሶ ያህል ቢቀንስም ውጤቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ለምን ቢባል፣ ቀመሩን የሠሩት ሰዎች ከዚያ በታች የሚታየው ልዩነት ስለ ኩላሊት የሚናገረው ጥቂት መሆኑን በመረጃቸው ስላዩ ነው፤ ለዚህም ነው ኃይሉን ከ-1.2 ወደ -0.241 ያወረዱት። ስለዚህ 0.6 ባላቸው የ79 ዓመት ሴት ላይ ቀመሩ የሚነግርሽ በአብዛኛው ዕድሜያቸውን ነው፤ ዕድሜያቸውን ደግሞ ቀድሞውንም ታውቂዋለሽ።

ሌላውን አቅጣጫ ተመልከቺ። እኚሁ እናት፣ በእነዚሁ ኩላሊቶች፣ ጡንቻቸው እጥፍ ቢሆን ኖሮ ክሬአቲኒናቸው ወደ 1.2 ይጠጋ ነበር። 1.2ን በዚሁ ቀመር ስታስዪው 46 ነው የሚወጣው። ኩላሊቱ አንድ ነው፤ ጡንቻው ሲለያይ አንዱ ወረቀት 91፣ ሌላው 46 ይላል።

ጡረተኛው ጤና መኮንን

እንደምን ዋላችሁ። ረጅም ዘመን በጤና ጣቢያም በሆስፒታልም ሠርቻለሁ። እኛ በኛ ጊዜ ይህን ሁሉ አንፈልግም ነበር። ክብደት ያለበትን የኮክክሮፍትና የጎልትን ስሌት ነው የምንጠቀመው፤ CrCl ይባላል፣ ኩላሊት ክሬአቲኒንን ከደም የሚያጸዳበት መጠን ነው፤ ለመድኃኒት መጠን እስካሁን ትክክለኛው እሱ ነው፦

```
CrCl = (140 - age) × weight / (72 × Scr) × 0.85 [female]
```

በተጨማሪም አዛውንት ከሆኑና ክሬአቲኒናቸው ከ1 በታች ከሆነ 1 ብለን ነበር የምናስላው፤ ጡንቻቸው ስለከሳ ነው። በዚህ መንገድ የልጅቷ እናት 61 ሲባዛ በ38፣ ሲካፈል ለ72፣ ሲባዛ በ0.85 ወደ 27 ይመጣሉ። ይህ ኩላሊታቸው በጣም የተጎዳ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ዛሬውኑ ይቁም!

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

አባቴ፣ ክብደት ያለበትን ስሌት ማምጣትዎ በጣም ትክክል ነው። በሁለቱ ሌሎች ነጥቦች ግን አልስማማም።

መጀመሪያ ስለ መቆም። ጋባፔንቲን በድንገት አይቋረጥም፤ ሲቀነስም ቀስ እያለ ከሐኪም ጋር ነው። የሸዋ ልጅ፣ ይህን እባክሽ ልብ በዪ።

ሁለተኛ ስለ 1። የተለካውን 0.6 ትተን 1 ስንጽፍ ያላየነውን ቁጥር እየፈጠርን ነው። ይህ ልማድ እዚህም አሜሪካ አለ፤ ነገር ግን ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ አቅሙን ከልክ በላይ ዝቅ አድርጎ ነው የተገኘው። በእውነተኛው 0.6 ብናሰላው 61 ሲባዛ በ38 2318 ነው፤ ለ43.2 ሲካፈል 53.7፣ በ0.85 ሲባዛ 46 ይሆናል። በ27 እና በ46 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ቀላል አይደለም። በጋባፔንቲን ማዘዣ መሠረት ከ30 እስከ 59 ላለ ሰው በቀን ከ400 እስከ 1400 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ15 እስከ 29 ላለው ግን ከ200 እስከ 700። በ27 ብንሄድ ሴትየዋ እንደገና ሌሊቱን በሕመም ሊያድሩ ይችላሉ።

አሁን የሚወስዱት 1800 ነው። 60 እና ከዚያ በላይ ላለው ሰው የሚፈቀድ መጠን ነው፤ በ91 ካየነው ምንም ስሕተት የለበትም፤ በ46 ካየነው ግን ከጣሪያው በላይ ነው። ጋባፔንቲን ከሰውነት የሚወጣው ሳይለወጥ በኩላሊት ብቻ ስለሆነ፣ ሲበዛ የሚታየው ምልክት እንቅልፍና መንገዳገድ ነው። ልጅቷ የጻፈችው ይህንኑ ነው።

እርስዎ ያመጡት ስሌትም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በ1976 የታተመ ነው፤ የተሠራውም በ249 ሰዎች፣ በአብዛኛው ወንዶች ላይ ነው፤ የሴቶቹ 0.85 በግምት የገባ ነው። የዚያን ዘመን የክሬአቲኒን ልኬትም ከዛሬው ጋር አንድ አይደለም። ለከሳ ሰው የሚረዳው ክብደት ስላለበት ነው። ሰውነቱ በውሃ ያበጠ ሰው ላይ ያው ክብደት መልሶ ያሳስታል።

ጡረተኛው ጤና መኮንን

መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይህን ሊል ይችላል። እኔ በዓይኔ ያየኋቸው፣ በትልቅ መጠን ተሰጥቷቸው ጆሯቸው የደነቆረ የስትሬፕቶማይሲን በሽተኞች አሉ። ለአዛውንት ማሳነስ ይሻላል ባይ ነኝ። በዚህ አቋሜ እጸናለሁ።

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

በስትሬፕቶማይሲን ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ሲበዛ የሚያመጣው ጉዳት አይመለስምና። ጋባፔንቲን ግን ሲቀንሱት ይመለሳል። የመድኃኒቱ ዓይነት ይወስነዋል።

የላቦራቶሪ ሰው

አዲስ አበባ ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ቀመሩን ለባለሙያዋ ትቼ፣ ወደ ቀመሩ የሚገባው ቁጥር ራሱ እንዴት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ።

አንደኛው ክሬአቲኒኑ ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ዘዴ ቀለም የሚፈጥረው ነው፤ ክሬአቲኒን ከፒክሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ማሽኑ ያን ያነባል። ችግሩ ክሬአቲኒን ያልሆኑ ነገሮችም ትንሽ ቀለም ይሰጣሉ፤ የወፍ በሽታ ያለበት ሰው ቢሊሩቢን ደግሞ ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል። 3.0 ላይ የ0.1 ስሕተት ማንም አያስተውለውም። 0.6 ላይ ግን የ0.1 ስሕተት የቁጥሩ አንድ ስድስተኛ ማለት ነው። በኮክክሮፍት ስሌት 0.6 ሳይሆን 0.5 ብናነብ ኖሮ ውጤቱ 46 ሳይሆን ወደ 55 ይሄድ ነበር። ዝቅተኛ ክሬአቲኒን የሚለካበት ሰው ላይ በኢንዛይም የሚሠራው ዘዴ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ይበልጣል።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው፤ ይህ የኛው የራሳችን ጣጣ ነው። አዛውንት መጥተው “በ1938 ነው የተወለድኩት” ይላሉ። መዝጋቢው ያንኑ እንዳለ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፈዋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጅን ዘመን ነው። በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ጨመረባቸው። እርስዎ እናትዎ ወረቀት ላይ ስንት ዓመት ተብሎ እንደተጻፈ አይተዋል?

የሸዋ ልጅ

አሁን አየሁት። 79 ይላል፤ ትክክል ነው። ግን ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ የተሠራው ወረቀት ላይ 86 ተብሎ ተጽፏል! ያኔ አላስተዋልኩትም። በነገራችን ላይ እናቴ ዐቢይ ጾምን ሙሉውን ጾማ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሥጋ እምብዛም አትበላም። ይህ ለውጥ ያመጣል?

የላቦራቶሪ ሰው

የዕድሜው ስሕተት እንደሚያስፈራው አይደለም። 87 ተብለው ቢመዘገቡ 91 የነበረው 87 ይሆናል። በኮክክሮፍት ግን 46 የነበረው ወደ 40 ይወርዳል፤ እዚያ ዕድሜ ይበልጥ ይከብዳል።

ሥጋ ለውጥ ያመጣል። ሥጋ ሲበስል ውስጡ ያለው ክሬአቲን ወደ ክሬአቲኒን ስለሚለወጥ፣ ጥብስ የበላ ሰው ለተወሰኑ ሰዓታት ደሙ ውስጥ ከፍ ይልበታል። ደህና ጥብስ በልቶ ከሰዓት ደም የሚሰጥ ሰው ያለ ምክንያት የሚደነግጠው ለዚህ ነው። የሚጾም ሰው ደግሞ ከጡንቻውም ከምግቡም የሚመጣው ስለሚያንስ ቁጥሩ ይበልጥ ያምራል። እናትዎ ላይ ሁለቱም ተደርበዋል።

ጥርጣሬ አይጠፋም

ቀመሩ የተሠራው ፈረንጆች ላይ ነው። ኢትዮጵያዊ ላይ ይሠራል ያለው ማነው? ዘመዴ ዋሽንግተን ውስጥ ሲታከም ወረቀቱ ላይ “ጥቁር ከሆነ” የሚል ሁለት ዓይነት ቁጥር ነበር። ለምን የእኛን ዓይነት አላደረጉም?

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

ጥቁር አሜሪካውያንም ነበሩበት፤ ጉዳዩ ግን አንተ ከምትለው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚያመራው። የ2009ኙ ቀመር ጥቁር ሰው ላይ ውጤቱን በ1.159 ያባዛው ነበር። በ2021 ይህ ማባዣ ተነሣ። የአሮጌውን ቀመር የሚጠቀም ኮምፒውተር ላይ “ጥቁር” የሚለው ቢመረጥ እነዚሁ የ38 ኪሎ እናት ወደ 100 ይደርሱ ነበር። እናም ማባዣው መነሣቱ ለኛ አዛውንቶች ጥሩ ነው።

በ2022 የታተመ፣ ማላዊ፣ ኡጋንዳና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አቅሙ በቀጥታ እየተለካ የተሠራ ጥናት አለ። በክሬአቲኒን የሚሠሩት ቀመሮች እዚያ ሰዎች ላይ የኩላሊትን አቅም ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ነው ያሳዩት። ኢትዮጵያን አላካተተም። ነገር ግን የጡንቻና የአመጋገብ ጉዳይ እኛንም የሚመለከት ይመስለኛል።

አባቴን ጠባቂ

እኔ ግን ሌላ ችግር ነው ያለብኝ። አባቴ 82 ዓመቱ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው፣ 90 ኪሎ ይመዝናል፣ አሁንም እርሻ ላይ ይውላል። ክሬአቲኒኑ 1.3፣ ቁጥሩ 55 ወጣና “ሦስተኛ ደረጃ የኩላሊት በሽታ” ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆኗል። ጨው ከለከልነው፣ ሥጋ ከለከልነው። የእናንተን ሳነብ ኩላሊቱ ከዚያም የባሰ ነው እያላችሁኝ ነው? ይህ 91 የሚባለው እኮ ውሸት ከሆነ 55ማ...

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

አይደለም፤ የአባትህ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው። የሸዋ ልጅ እናት ላይ ቀመሩ የሚዋሸው ጡንቻ ስለጠፋ ነው። የአባትህ ጡንቻ ለዕድሜያቸው ብዙ ከሆነ 1.3 ኩላሊታቸው ሳይደክም ሊመጣ ይችላል፤ ማለትም እውነተኛው ከ55 ሊበልጥ ይችላል። ደግሞም በሽታ ለመባል አንድ ወረቀት አይበቃም፤ ከ60 በታች መሆኑ ቢያንስ ለሦስት ወር መቆየት አለበት። ሽንታቸው ውስጥ አልቡሚን ተመርምሯል? ደም ግፊታቸውስ ስንት ነው? ሥጋና ጨው ስለ መከልከል ሐኪማቸው ካላዘዘ በራሳችሁ አትወስኑ፤ የ82 ዓመት ሰው ሥጋ ሲከለከል የሚጠፋው ጡንቻው ነው።

የላቦራቶሪ ሰው

እዚህ ላይ ባለሙያዎቹም አልተስማሙም። አንዳንድ የአውሮፓ የኩላሊት ሐኪሞች ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው፣ ሽንቱ ደህና ከሆነ፣ መስመሩ ከ60 ወደ 45 ይውረድ ይላሉ፤ አቅም ከዕድሜ ጋር መቀነሱ የተለመደ ነው ብለው። ሌሎቹ ደግሞ የተለመደ ቢሆንም አደጋው አለ፣ መስመሩ ለሁሉም አንድ ይሁን ይላሉ። ዓለም አቀፉ መመሪያ እስካሁን 60ን አልለወጠም።

አባቴን ጠባቂ

ሽንቱ አልተመረመረም። ነገ እወስደዋለሁ።

የሸዋ ልጅ

ወደ እኔ ልመልሳችሁና፣ ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ስነግረው ቅር አለው፤ ማሽኑ የሚያወጣውን ትቼ በኢንተርኔት ወሬ አልሄድም አለኝ። አልፈርድበትም። የሚያሳየው ሌላ ምርመራ ቢኖር ግን ይሻለኛል። የቱን ልጠይቀው?

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

እኔ ያለሁበት ቢሆን ሲስታቲን ሲ የሚባለውን ነበር የማስመረምረው። እሱ የሚመጣው ከጡንቻ ሳይሆን ከሰውነት ሴሎች ከሞላ ጎደል ሁሉ ስለሆነ የክንድ መክሳት ብዙም አይነካውም። የ2024ቱ ዓለም አቀፍ መመሪያም በተገኘበት ቦታ ከክሬአቲኒን ጋር አብሮ እንዲታይ ይመክራል። የራሱ ማሳሳቻዎች ግን አሉት፤ የእንቅርት ሆርሞን መዛባት፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒትና የሰውነት ብግነት ያዛቡታል። የሚሠራበት ቦታ አለ?

የሸዋ ልጅ

የጠየቅኳቸው ሁሉ አንሠራም አሉ።

የላቦራቶሪ ሰው

እንግዲያው የድሮውን ዘዴ ተጠቀሙ፤ የ24 ሰዓት ሽንት። ርካሽ ነው፣ የትም ይሠራል። ጡንቻዋ ስንት ክሬአቲኒን እንደሚያመነጭ መገመት ቀርቶ በቀጥታ ይለካል፤ ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው።

አሰባሰቡ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ሽንት ይድፉት፤ ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ፣ ዕቃው ውስጥ ያጠራቅሙ። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ሸንተው ይጨምሩ። አንድ ጊዜ ከተረሳ ውጤቱ ከእውነተኛው ዝቅ ይላል፤ የመጀመሪያው ካልተደፋ ደግሞ ከፍ ይላል። ደሙም በዚያው ጠዋት ይሰጥ።

የሸዋ ልጅ

ውጤቱ መጣ። ሌሊት ስትነሣ አብሬ እየተነሣሁ ነው የሰበሰብኩት፣ አልተረሳም። ሽንቱ 1200 ሚሊ ሊትር ነው። የሽንቱ ክሬአቲኒን 33፣ የደሙ 0.6። ወረቀቱ ላይ የማጣሪያ መጠን የሚል ባዶ ቦታ አለ እንጂ አልሞሉትም።

የላቦራቶሪ ሰው

ይህ ቀላል ነው። 33 ሲባዛ በ1200 39600 ነው። በቀን ውስጥ 1440 ደቂቃ አለ፤ በ0.6 ሲባዛ 864። 39600 ለ864 ሲካፈል 46 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ይሆናል።

ሽንቱ በሙሉ መሰብሰቡንም እንፈትሽ። 33 የሚለው በ100 ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ያለው ሚሊ ግራም ስለሆነ በቀን የወጣው 396 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ38 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ ከ10 ትንሽ ይበልጣል። ወጣት ሴት በኪሎ ከ15 እስከ 20 ታወጣለች፤ በ79 ዓመት ለከሳ ሰው 10 የሚጠበቅ ነው። ከዚያ በጣም ቢያንስ ኖሮ ሽንት ፈስሷል እል ነበር።

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

ይኸው ነው። 46 እና 46። አንዱ ከክብደት የተገመተ፣ ሌላው የተለካ። ሁለቱ እንዲህ መግጠማቸው ሁልጊዜ አይሆንም፤ ዛሬ ዕድለኞች ነን። ኩላሊት ክሬአቲኒንን ከማጣራት በተጨማሪ ጥቂቱን በሌላ መንገድ ስለሚያስወጣ እውነተኛው አቅም ከ46ም ትንሽ ሊያንስ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሐኪሙ ሊጠይቅሽ ስለሚችል። 91 የሚለው የሰውነት ስፋቱ 1.73 ካሬ ሜትር ለሆነ ሰው ተስተካክሎ ነው። የእናትሽ ስፋት በቁመትና በክብደታቸው ሲሰላ ወደ 1.28 ነው። 91ን በራሳቸው አካል ልክ ብናወርደው 67 ይሆናል። ስለዚህ ከ91 ወደ 46 ያለው ርቀት ሁሉ የጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ የአካላቸው ማነስ ነው። ለመድኃኒት መጠን የሚያስፈልገው ደግሞ በራሳቸው አካል ልክ ያለው ነው።

ጡረተኛው ጤና መኮንን

የኔ 27 ስሕተት ነበር ማለት ነው። ቢሆንም መጠኑ ትልቅ ነው ማለቴ ልክ ነበር።

የሸዋ ልጅ

ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ስሌቱን ራሱ በስልኩ ደገመው፣ ዝም ብሎ አሰበና መጠኑን በየሳምንቱ ደረጃ በደረጃ ወደ 300 ጠዋት፣ 600 ማታ እንድናወርድ አዘዘ። አሁን ጠዋት ነቅታ ትቀመጣለች፤ መንገዳገዱም ቀንሷል። ሕመሙ ሌሊት ትንሽ ተመልሷል፤ ስለ እሱ ገና እየተነጋገርን ነው። የሽንት አልቡሚንም ይሠራ ብሎ ጽፎልኛል፤ “ከክሬአቲኒን ጋር ያለው ንጽጽር” ይላል። ጠዋት የመጀመሪያው ሽንት መሆን አለበት?

መልካም ሰው

እግዚአብሔር ይማራቸው። እኔም የአክስቴን ወረቀት ፈልጌ አወጣሁት፤ 0.5 ነው፤ እሷም ቀጭን ናት። ምንም መድኃኒት አትወስድም። ምን ላድርግ?

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

መልካም ሰው፣ መድኃኒት የማይወስዱ ከሆነ ዛሬ የሚደረግ ነገር የለም። አንድ ቀን አንቲባዮቲክ ወይም የልብ መድኃኒት ሲታዘዝላቸው ክብደታቸውን ለሐኪሙ ንገሩት።

የላቦራቶሪ ሰው

የሸዋ ልጅ፣ አዎ፣ የጠዋት የመጀመሪያው ይሻላል። ግን ሲያነቡት ይጠንቀቁ፤ ያው ክሬአቲኒን እዚህም አለ። ንጽጽሩ አልቡሚንን ለሽንት ክሬአቲኒን ያካፍላል፤ ክሬአቲኒን የሚያንሰው ሰው ላይ አካፋዩ ትንሽ ስለሆነ ውጤቱ ያብጣል። እናትዎ በቀን 15 ሚሊ ግራም አልቡሚን ቢያወጡ፣ ከ30 በታች ስለሆነ ደህና ነው። ያው 15 ለ0.396 ግራም ክሬአቲኒን ሲካፈል ግን 38 ይወጣና ከ30ው መስመር በላይ ተብሎ ይመዘገባል። ከ30 ትንሽ ከፍ ብሎ ከመጣ ከመደንገጥዎ በፊት አልቡሚኑ ከ24 ሰዓት ሽንት ላይ በጠቅላላው እንዲለካ ይጠይቁ።